የሥራ ደንብ ማንን ያስራል? አሠሪስ ብቻውን ሊለውጠው ይችላል?



ሰው ሲቀጠር ከቅጥር ደብዳቤው ጋር አንድ ጥራዝ ይሰጠዋል። በአንዱ ድርጅት «የሠራተኞች መመሪያ»፣ በሌላው «የሰው ኃይል አስተዳደር ማንዋል» ይሉታል፤ አዋጁ «የሥራ ደንብ» የሚለው ነው። ከጥራዙ ጋር «ተቀብያለሁ፣ አንብቤያለሁ» የምትል ወረቀት ይፈርማል። ከዚያ ጥራዙ ሳጥን ውስጥ ይገባና ጠብ እስኪነሳ ድረስ ማንም አያወጣውም። ጠቡ ሲነሳ ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ። በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው አሠሪውንም ያስራል ወይስ ሠራተኛውን ብቻ? አሠሪው አንድ ቀን ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ ተለውጧል» ቢልስ፣ ይሠራል ወይ? የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ብቻ ነው።

አስቀድሜ ድንበሩን ላስምር። የምናገረው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ የግል ድርጅት፣ የቡና ማዘጋጃ፣ የሆቴል፣ የባንክ፣ የግል ትምህርት ቤትና የመሰሉትን ሠራተኞች ይመለከታል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር፣ ፖሊስና ዳኛ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም፤ የራሳቸው ሕግ አላቸው። የሥራ መሪ የሚባለው፣ የመቅጠርና የማባረር ሥልጣን ያለው ኃላፊም እንዲሁ ከአዋጁ ውጭ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው፤ ግልጽ ሆኖ ሳለ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። አዋጁ በአንቀጽ 13 የሠራተኛውን ግዴታዎች ሲዘረዝር የሥራ ደንብን ማክበር አንዱ ነው ይላል። ይህን አሠሪዎች በደንብ ያውቁታል፤ በየማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ላይም ይጠቅሱታል። ከእሱ በፊት ያለው አንቀጽ 12 ግን የአሠሪውን ግዴታዎች ይዘረዝራል፤ እዚያም አሠሪው አዋጁን፣ የኅብረት ስምምነቱንና የሥራ ደንቡን የማክበር ግዴታ አለበት ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ደንቡን ያወጣው አሠሪ ራሱም በደንቡ ታስሯል። አንድ ድርጅት በደንቡ ላይ «ሠራተኛ ሲያጠፋ መጀመሪያ የቃል፣ ቀጥሎ የጽሑፍ፣ ከዚያም የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል» ብሎ ከጻፈ፣ ያን ደረጃ ለራሱም ነው የጻፈው። ሁለቱን ደረጃዎች ዘልሎ ሦስተኛው ላይ ቢያርፍ ሠራተኛው በክርክር ጊዜ የሚያነሳው የመጀመሪያ ነጥብ ይህ ይሆናል፤ ሊያነሳውም ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። እድራችሁን አስቡ። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ለመለወጥ ሊቀመንበሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ተወያይቶ፣ እጅ ወጥቶ ነው። የሥራ ደንብ ግን እንደዚያ አልተወለደም። ብዙ ጊዜ አሠሪው ብቻውን ይጽፈዋል፤ ሠራተኛው ተቀጥሮ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ነው የሚያገኘው። ብቻውን የጻፈ ሰው ብቻውን መሰረዝም የሚችል ይመስለዋል። አዋጁም የሥራ ደንብ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚሻሻል ደረጃ በደረጃ የሚነግር ለብቻው የቆመ ምዕራፍ የለውም። ይህ ክፍተት ነው ጠቡን የሚወልደው።

ክፍተቱ ግን ባዶ ሜዳ አይደለም። ሁለት አንቀጾች አጥር ያበጁለታል። አንደኛው በአንቀጽ 4 ሥር ያለው ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ የሥራ ውል ከሕግ፣ ከኅብረት ስምምነት ወይም ከሥራ ደንብ ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛው መስጠት የለበትም ይላል። ይህ ማለት ደንቡ ሃያ ቀን የዓመት ፈቃድ ከፈቀደ፣ አሠሪው አንድን ሠራተኛ ለብቻው ጠርቶ በአሥራ ስምንት ቀን ቢያስፈርመው ፊርማው አይረዳውም። ደንቡ ለእያንዳንዱ ውል ወለል ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ 15 ነው። በአዋጁ ያልተወሰኑ የሥራ ውል ሁኔታዎች በሦስት መንገድ ሊሻሻሉ እንደሚችሉ ይናገራል፦ በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ፣ ወይም ተዋዋዮቹ በጽሑፍ በሚያደርጉት ስምምነት። አሠሪዎች የሚይዙት ሁለተኛውን መንገድ ነው። «ሕጉ በሥራ ደንብ አሻሽል ብሎኛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ብሏል። ግን ዓረፍተ ነገሩ በሁለት ገደብ ታጥሯል። መጀመሪያ «በአዋጁ ያልተወሰኑ» የሚለው አለ፤ አዋጁ ራሱ የወሰነውን ማንም በደንብ ዝቅ አያደርገውም። ቀጥሎ «በአዋጁ መሠረት የወጣ» የሚለው አለ፤ አዋጁን የሚጥስ ደንብ ወረቀት እንጂ የሥራ ደንብ አይደለም።

አሁን ይህን በአንድ ምሳሌ እንየው። ምሳሌው የማንም እውነተኛ ድርጅት አይደለም፤ ነገር ግን በአካባቢያችን ሊሆን የማይችል ነገር የለበትም። መቱ ውስጥ ስልሳ ሠራተኞች ያሉት የቡና ማበጠሪያና መጋዘን አለ እንበል። በመስከረም 2012 ባወጣው ደንብ የዓመት ፈቃድ ለሁሉም ሃያ የሥራ ቀን ነው፤ በየወሩ ስምንት መቶ ብር የትራንስፖርት አበል አለ፤ ጥፋት ላይ ሦስቱ የማስጠንቀቂያ ደረጃዎች አሉ። ሠራተኞቹ ሁሉ ተቀብለው ፈርመዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አዲስ ደንብ ተለጠፈ። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ጀምሮ ይሠራል ይላል። የሥራ መግቢያ ከሁለት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል መጥቷል፤ መውጫውም በዚያው ልክ ቀድሟል። በፊርማ ፈንታ የጣት አሻራ ማሽን ገብቷል። ሦስት ጊዜ ያረፈደ ያለማስጠንቀቂያ ይባረራል። የዓመት ፈቃድ ለሁሉም አሥራ ስድስት ቀን ሆኗል። የትራንስፖርት አበሉ ቀርቷል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ድርጅቱ ይህን ደንብ በማንኛውም ጊዜ የማሻሻል መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትል መስመር አለች።

ብዙ ሰው ይህን ደንብ እንደ አንድ ነገር ነው የሚያየው፤ ወይ ሙሉውን ይቀበላል፣ ወይ ሙሉውን ይቃወማል። የሕግ ሰው ግን እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው ነው የሚፈትነው፤ መልሱም በየመስመሩ ይለያያል።

የሥራ ሰዓቱን መግቢያና መውጫ፣ የጣት አሻራውን አሠሪው ሊለውጥ ይችላል። ሥራን ማደራጀት የእሱ ነው፤ የሥራ ደንብ የሚባል ነገር የተፈጠረውም ለዚህ ነው። የቀኑ ሥራ ከስምንት ሰዓት፣ የሳምንቱም ከአርባ ስምንት ሰዓት እስካልበለጠ ድረስ የአዋጁ ወሰን አልተጣሰም። ቀኑ ስምንት ሰዓት ሞልቶ ሳለ መግቢያውን አስቀድሞ መውጫውን እዚያው ትቶት ቢሆን ኖሮ ግን ግማሽ ሰዓት ትርፍ ሰዓት ይሆን ነበር፤ ትርፍ ሰዓት ደግሞ የራሱ ሁኔታዎችና በቀን ቢያንስ በአንድ ተኩል እጥፍ የሚከፈል ክፍያ አለው። በደንብ ወደ መደበኛ ሰዓት መቀየር አይቻልም።

ሦስት ጊዜ ማርፈድ ያባርራል የሚለው መስመር ግን አይቆምም። አዋጁ በአንቀጽ 27 ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቁ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። ማርፈድን በተመለከተ የወሰነው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ነው፤ ያውም በጽሑፍ እየተነገረው ከሆነ። ይህ በአዋጁ የተወሰነ ጉዳይ ስለሆነ አንቀጽ 15 በሩን አይከፍትለትም። በዚሁ አንቀጽ 27 ለሌሎች ጥፋቶች የተተወ መግቢያም አለ፤ እሱ ግን ለኅብረት ስምምነት ነው የተከፈተው። ሠራተኞች በማኅበራቸው በኩል ተደራድረው የተቀበሉት የማሰናበቻ ምክንያት ሊጨመር ይችላል፤ አሠሪው ብቻውን ደንብ ላይ የጻፈው አይጨመርም። ይህን ልዩነት ሰዎች ሲያምታቱት ብዙ ጊዜ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ «ደንባችን ላይ አለ» ይላል፣ ሠራተኛውም ዝም ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል። ደንቡ ላይ መኖሩ በቂ አይደለም።

የዓመት ፈቃዱ ሁለት ንብርብር አለው። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት አሥራ ስድስት የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ለሚኖር ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው እንግዲህ በሕግ ብቻ አሥራ ስምንት ቀን አለው። «ለሁሉም አሥራ ስድስት» የሚለው አዲሱ መስመር ለነባር ሠራተኞች ከሕግ በታች ስለወረደ እስከ አሥራ ስምንት ድረስ ያለ ክርክር ይወድቃል። የሚያከራክረው በአሥራ ስምንትና በሃያ መካከል ያለው ሁለት ቀን ነው፤ እነዚህ ከደንቡ የመጡ ናቸው። አበሉም እንደዚሁ ነው። የትራንስፖርት አበል በአዋጁ ትርጉም ደመወዝ ውስጥ አይቆጠርም፤ አንዳንድ አሠሪዎች ከዚህ ተነስተው «ደመወዝ ስላልሆነ ማንሳት እንችላለን» ይላሉ። ይህ መደምደሚያ የተሳሳተ ነው። ደመወዝ አለመሆኑ ለአንዳንድ ስሌቶች መሠረት እንዳይሆን ያደርገዋል እንጂ በጽሑፍ የተገባን ግዴታ አያፈርስም።

ታዲያ ሁለቱ ቀንና ስምንት መቶ ብሩ በአሠሪው ፊርማ ብቻ ይጠፋሉ? እኔ አይጠፉም ባይ ነኝ፤ ተቃራኒውን በአንቀጽ 15 የሚከራከሩ ጠበቆች እንዳሉ ግን አልደብቃችሁም። ምክንያቴ ይህ ነው። አዋጁ የሥራ ደንብን ሲተረጉም ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ደመወዝ አከፋፈል፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ሥነ ሥርዓት እርምጃና ስለ መሰል የሥራ ሁኔታዎች የሚወስን የውስጥ ደንብ አድርጎ ነው የሚያየው። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ የሚያደራጅ ሰነድ ነው። ሠራተኛ ለጉልበቱ የሚያገኘውን ልክ መቀነስ ግን ማደራጀት አይደለም፤ የስምምነቱን ዋጋ መለወጥ ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ አዋጁ በሚያስቀምጣቸው በሌሎቹ ሁለት መንገዶች፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ፣ ማምጣት ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1731 በሕግ መሠረት የተደረገ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው ይላል። ሕግ የሆነን ነገር አንደኛው ወገን በማስታወቂያ ሰሌዳ አይሽረውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ክርክር የለም። ደንቡ የተለጠፈው ጥቅምት 5 ሆኖ ሳለ ከመስከረም 1 ጀምሮ ይሠራል ማለቱ ዋጋ የለውም። የመስከረም አበል በተሠራበት ሥራ የተገኘ ነው፤ የተጠራቀመውም የዓመት ፈቃድ እንዲሁ። ደንብ ወደፊት ያያል እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሰው ኪስ አይወስድም።

«በማንኛውም ጊዜ የማሻሻል መብት» የምትለዋ መስመርስ? አሠሪው በሥልጣኑ ውስጥ ያለውን፣ ማለትም ሰዓትንና አሠራርን ለማሻሻል ባትጻፍም ይችላል። ከሕግ በታች ለመውረድ ብትጻፍም አትረዳውም። በመካከል ላለው ጥቅም ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 ይመጣል፤ አንደኛው ወገን ብቻውን ያዘጋጀው ጽሑፍ ሲያጠራጥር ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። «ማሻሻል» የሚለው ቃል መቀነስንም ይጨምራል ወይ የሚለው ጥርጣሬ በጻፈው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሁለት ፍርድ ቤቶች በአንድ ዓመት ልዩነት ተቃራኒ መልስ ሰጥተውበታል። የአሪዞና ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. በወሰነው የዴማሴና የአይ ቲ ቲ ክርክር፣ ኩባንያው ሠራተኛ የሚቀንሰው ከአዲሱ ጀምሮ እንደሆነ በመመሪያው ላይ ጽፎ ነበር፤ በኋላ መመሪያውን ለወጠና ነባሮቹን አሰናበተ። ፍርድ ቤቱ የተገባው ቃል የውል ክፍል ሆኗል፣ ውልን ደግሞ ያለ ሌላው ወገን ፈቃድ መለወጥ አይቻልም፣ ሠራተኛው ሥራውን መቀጠሉ ብቻም ፈቃድ አይባልም አለ። የካሊፎርኒያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በአስመስና በፓሲፊክ ቤል ክርክር፣ ጊዜው ያልተወሰነ ፖሊሲ ከተገቢ ጊዜ በኋላ፣ በቂ ማስታወቂያ ተሰጥቶ፣ የተገኘ መብት ሳይነካ በአሠሪው ብቻ ሊቋረጥ ይችላል ብሎ ወሰነ። ሁለቱ ቢለያዩም የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ የነገውን ለውጥ የሚፈቅደውም ፍርድ ቤት ቢሆን ለትናንቱ የተገኘውን አይነካም፣ ያለ ማስታወቂያም አይፈቅድም። የመቱው ሰሌዳ በካሊፎርኒያው ለዘብተኛ ሚዛን እንኳ ሲመዘን ይወድቃል።

እዚህ ላይ ስለ ዝምታ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ አካባቢ ትልቁ ጉዳይ ይህ ስለሆነ። አዲስ ደንብ ይለጠፋል፣ ሠራተኛው ያነበዋል፣ ያዝናል፣ ሥራውን ይቀጥላል። ከዓመት በኋላ ሲጠይቅ «ዝም ብለህ ሠርተሃል፣ ተቀብለሃል» ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል፤ በቁጥር 1686 ደግሞ አንዱ ወገን ያወጣቸው ጠቅላላ የሥራ ሁኔታዎች ሌላው ወገን አውቆ ካልተቀበላቸው አያስሩትም ይላል። አውቆ የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ ብቻ የጻፈውን ሠላሳ ገጽ ደንብ፣ አፋን ኦሮሞ እንጂ ሌላ በማያነብ ጥበቃ ወይም የቡና ለቃሚ ሴት ላይ አስፈርሞ «አንብባለች» ማለት የሚከራከሩበት ነገር ነው። አሠሪዎችም ይህን ቢያስቡበት ለራሳቸው ይጠቅማቸዋል፤ ሠራተኛው በሚያውቀው ቋንቋ የተነገረና የተጻፈ ደንብ በፍርድ ቤት የሚቆም ደንብ ነው። መፈረምም ሁለት ዓይነት ነው፤ «ተቀብያለሁ» ብሎ ጥራዝ መረከብና «ጥቅሜ እንዲቀነስ ተስማምቻለሁ» ማለት አንድ አይደሉም። ያልተስማማ ሰው ወረቀቱን መረከቡን ፈርሞ «በለውጡ አልተስማማሁም» ብሎ ከፊርማው አጠገብ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ክርክር በጣም የሚቀልበት ቦታም አለ። በአንድ ድርጅት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነት ይደረጋል፤ የኅብረት ስምምነት ከሚወስናቸው ጉዳዮች አንዱ ደግሞ የሥራ ደንብ የሚወጣበት ሥርዓት ነው። «ደንቡ ሲሻሻል ረቂቁ ለማኅበሩ ከአንድ ወር በፊት ይሰጣል፣ ማኅበሩ ሳይስማማ ጥቅም አይቀነስም» ብሎ እዚያ ላይ ማስገባት ይቻላል። ስልሳ ሠራተኛ ያለው የመቱው ድርጅት ይህን አንድ አንቀጽ ቀድሞ ቢይዝ ኖሮ የጥቅምት 5ቱ ሰሌዳ ባልተለጠፈ ነበር። ማኅበሩም ሆነ ድርጅቱ የቀደመውን ስምምነት ሳይነኩ የሚሠሩበት ጊዜ ስላላቸው አሠሪውም ለምን እንደሚቀንስ፣ የቡና ዋጋ ወይም የነዳጅ ወጪ ምን እንዳደረገበት አስረድቶ ለመደራደር ይገደዳል። ተደራድረው የሚቀነስ ጥቅም ሊኖር ይችላል፤ ድርጅቱ እንዳይዘጋ ሠራተኞች ራሳቸው የሚስማሙበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ቅነሳ የታሰረ ነው፣ ማንም አያፈርሰውም።

ክርክር ከተነሳ ወዴት ይኬዳል? የአንድ ሰው የአበል ጥያቄ የግል የሥራ ክርክር ነው፤ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ደንቡ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ሠራተኞች በጋራ ሲከራከሩ ግን የወል የሥራ ክርክር ይሆናል፤ እሱ በአስማሚ በኩል አልፎ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ የሚሄድ ነው። የት እንደሚጀመር ካልታወቀ የሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ያመላክታል። ጊዜው ግን አይጠብቅም። ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ የሚጠየቀው በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ከሥራ ተባርሬአለሁና ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር። ስምምነት ይመጣል እያሉ ዝም ብለው የቆዩ ሰዎች መብታቸው ሳይሆን ጊዜያቸው ያልፍባቸዋል።

ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ሠራተኞች ሁሉ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ ስትቀጠሩ የተሰጣችሁን ደንብ ፈልጋችሁ አውጡ፤ ከሌላችሁ ነገ ከድርጅታችሁ ቅጂ ጠይቁ። አዲስ ደንብ ሲወጣ አሮጌውን አትጣሉ፤ አዲሱ የተለጠፈበትን ቀን በላዩ ጻፉ፣ ሰሌዳውንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። አሠሪዎችም ብትሆኑ፣ የቀድሞውን ደንብ፣ የተሰጠበትን ቀንና የሠራተኞቹን የመረከቢያ ፊርማ በፋይል አስቀምጡ። ዳኛ ፊት ሲቀርብ አሮጌውን ደንብ ማሳየት ያልቻለ ወገን ምን እንደተቀነሰበት ማሳየት አይችልም።